ፎቶ ላይ ያለው ጥያቄ ከምርጫዎቹ ጋር አይገጥምም፤ የኅትመት ስህተት ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ሊያ

ሰላም ለሁላችሁ። ጓደኛዬ ከመለማመጃ ፈተና ላይ ፎቶ አንስታ የላከችልኝ ጥያቄ ነው። ፎቶው ስለደበዘዘ እዚህ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፤ ክፍተቱን ሳይቀር እንደ ወረቀቱ አድርጌዋለሁ።

```
14. 3x + 3x+1 = 36 ከሆነ x ስንት ነው?
A) 1    B) 2    C) 3    D) 4
```

ስሠራው 6x + 1 = 36 ይሆናል፣ ከዚያ 6x = 35፣ x = 35/6። ምርጫ ውስጥ የለም። ደግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። ጓደኛዬ «ዝለይው» አለችኝ። እኔ ግን ሌላ ቀን እንዲህ ዓይነት ሲገጥመኝ ምን እንደማደርግ ማወቅ ፈልጌ ነው። ምን ትላላችሁ?

ዘሪቱ

የኔ እህት፣ ፈተና ፎቶ ማንሳት እኮ ያስቀጣል። ስልክ ይዞ መግባት ራሱ ክልክል ነው። ብታጠፊው ይሻልሻል።

ሊያ

አይ፣ የመለማመጃ ወረቀት ነው ዘሪቱ። ለሁላችንም ታድሎ ቤታችን የወሰድነው። ገና ያልተሰጠ ፈተና ቢሆንማ እዚህ አላመጣውም ነበር።

ቋሚ ተማሪ

ቀላል ነው። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ተኪያቸው። እንደተጻፈው ከሄድሽ 7፣ 13፣ 19 እና 25 ነው የሚመጣው። አንዱም 36 ጋ አይደርስም። ስለዚህ አንዱ x ፓወር ነበር ማለት ነው። 3^x + 3x + 1 ብለሽ x = 3 አስገቢ። 27 + 9 + 1 = 37። 36 ያለው 37 ለማለት ነው፣ አንድ ቁጥር ተሳስተዋል። መልሱ C።

ጠመኔ

ቋሚ ተማሪ፣ ምርጫዎቹን መተካትህ ጥሩ ነው፤ ፓወር ጠፍቷል ማለትህም ትክክል ይመስለኛል። ግን ከዚያ በኋላ 36ን 37 አደረግከው። ያ ሌላ እርማት ነው። አንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ነገር እንድትቀይር ከተፈቀደልህ የፈለግከውን መልስ ማውጣት ትችላለህ።

ሊያ፣ መልሱን ከመገመታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጓደኛሽ የላከችው ጥያቄ 14ን ብቻ ቆርጣ ነው ወይስ ሙሉ ገጹን? ሙሉ ገጹ ካለ ከላይና ከታች ያሉትን ጥያቄዎች አሳይን። የኅትመት ስህተት ብቻውን አይመጣም። አንድ ጥያቄ ላይ ያለው ጥፋት ብዙ ጊዜ ሌላውም ላይ ይኖራል፤ እዚያ ደግሞ ይበልጥ ገሃድ ወጥቶ ታገኚዋለሽ።

ሊያ

እሺ መምህር። ሙሉ ገጹን ጠየቅኳት፣ ላከችልኝ። ከ14 በላይ ያለው ይኸውላችሁ። እኔ ራሴ ሳነበው ሳቄ መጣ።

```
13. 25 = 32 ከሆነ 27 ስንት ነው?
A) 14    B) 64    C) 128    D) 256
```

አቤል ዘ

34! 25 ላይ 7 ጨምረው 32 ካሉ 27 ላይም 7 እንጨምራለን 😂

ጸሐፊዋ

አቤል አሳቅከኝ። እኔ ኮምፒውተር ጽሑፍ ነው ሥራዬ፤ የፈተና ወረቀት ብዙ አልፎብኛል። ይሄ ጥፋት ፊቱን አይቼ የማውቀው ነው።

25 ሳይሆን 2 ፓወር 5 ነበር። 32 ነው፣ ልክ ነው። 27 ደግሞ 2 ፓወር 7፣ ማለትም 128። መልሱ C።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ከፍ ብላ የምትጻፈው ትንሿ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተለየች ፊደል አይደለችም። ተራ 5 ናት፣ «ከፍ በይ፣ አንሺ» የሚል ቅርጽ የተሰጣት። ጽሑፉ ከአንድ ፋይል ወደ ሌላ ኮፒ ሲደረግ ቅርጹ ይቀርና ቁጥሯ ብቻ ትመጣለች። 5 ወርዳ ከ2 ጎን ትቆማለች። የጻፈው ሰው ስህተት የለበትም፣ አራሚውም ኦሪጅናሉን ካየ ምንም አያገኝም። ጥፋቱ የገባው መሃል ላይ ነው።

ጠመኔ

ጸሐፊዋ፣ እግዜር ይስጥልን። ሊያ፣ አሁን መረጃ አለን። ይህ ወረቀት ፓወሮቹን እንደጣለ ጥያቄ 13 ራሱ መሰከረ። ስለዚህ 14 ላይ አዲስ ጥፋት መፈልሰፍ አያስፈልገንም፤ ያንኑ ጥፋት መልሰን እናቃናው።

አሁን የጻፍሽውን ክፍተት ተመልከቺ። የመጀመሪያው + ግራና ቀኙ ክፍት ነው። ሁለተኛው + ግን ከ x እና ከ 1 ጋር ተጣብቋል። ሁለተኛው x+1 አንድ ላይ ከላይ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ስለዚህ፦

```
3^x + 3^(x+1) = 36
3^x + 3·3^x = 36
4·3^x = 36
3^x = 9
x = 2
```

መልሱ B ነው። ተክተሽ አረጋግጪ፦ 9 + 27 = 36።

የቋሚ ተማሪ C የወደቀው እዚህ ላይ ነው። እሱ ፓወሩን ከአንዱ x ላይ ብቻ መለሰ፣ ሌላውን እንዳለ ተወው፣ አልገጥም ሲለው 36ን ነካ። የኛ እርማት አንድ ዓይነት ጥፋት ብቻ ያቃናል፣ ሌላ ቁጥር አይነካም፣ መልሱም ምንም ሳይተርፍ ምርጫ ላይ ያርፋል።

ቋሚ ተማሪ

እሺ መምህር፣ 14 ላይ ተቀበልኩ። ግን ዋናው ምክሬ ልክ ነበር እኮ። ምርጫ ላይ የሚያርፍ እርማት ከተገኘ እሱ ነው መልሱ።

ጠመኔ

ግማሹ ልክ ነው። ምርጫ ላይ ማረፉ ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ጥያቄ አውጪዎች የተሳሳቱትን ምርጫዎች የሚያዘጋጁት ተማሪ ከሚሳሳታቸው መንገዶች ነው። ስለዚህ የተሳሳተ እርማትም ምርጫ ላይ ሊያርፍልህ ይችላል።

ሊያ

መምህር፣ እንግዲያው ቀጣዩን ላሳይዎት። ይሄን እንደተጻፈው ሠርቼ መልስ አግኝቼ ነበር፤ አሁን ግን ተጠራጠርኩ።

```
15. sin 300 = ?
A) 1/2    B) −1/2    C) √3/2    D) −√3/2
```

ቋሚ ተማሪ

ይሄማ ጤነኛ ነው። ካልኩሌተር በዲግሪ ላይ አድርጊና 300 አስገቢ፣ −0.866 ይላል። ያ −√3/2 ነው። D። ምርጫውም ውስጥ አለ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?

ጸሐፊዋ

ኧረ ቆይ ወንድሜ! የዲግሪ ምልክት እኮ ብዙ ሰው የሚጽፈው በ0 ነው። 30 ይጽፍና ከጎኑ ዜሮ አስቀምጦ ከፍ ያደርጋታል። ቅርጹ ሲጠፋ 30 ዲግሪ 300 ሆኖ ቁጭ ይላል። ስንቴ አይቼዋለሁ።

ጠመኔ

ሊያ፣ ይሄኛው ከ14 ይከፋል። 14 ላይ መልስ ስላጣሽ ነው የነቃሽው። 15 ግን ተበላሽቶም መልስ ይሰጣል። sin 30° ብለሽ ብትወስጂው 1/2 ነው፣ A አለ። sin 300° ብትወስጂው −√3/2 ነው፣ D አለ። ሁለቱም ንጹሕ መልስ ናቸው። ስለዚህ መልሱን ሳይሆን ወረቀቱን እንጠይቅ። እዚያው ወረቀት ላይ ሌላ ቦታ ማዕዘን ተጽፏል? ካለ እንዴት ነው የተጻፈው?

ሊያ

አለ! 17 ላይ «ማዕዘን B = 900 የሆነ ሦስት ማዕዘን ABC» ይላል።

ጠመኔ

ተገኘ። የሦስት ማዕዘን ሦስቱም ማዕዘኖች ተደምረው 180 ዲግሪ ነው የሚሆኑት፤ አንዱ ብቻውን 900 ሊሆን አይችልም። 90 ዲግሪ ነው። ይህ ወረቀት የዲግሪ ምልክቱን በዜሮ ነው የጻፈው፣ ዜሮውም ወርዷል። እውነተኛ 300 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ 3000 ሆኖ ይታተም ነበር። ስለዚህ 15 ላይ A ነው የምለው።

መቶ በመቶ ነው ወይ ብትዪኝ፣ አይደለም። ጥያቄ አውጪው ያቺን አንዷን ጥያቄ ምልክት ሳያደርግባት 300 ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል። ወይም ያቺን ከሌላ ቦታ አምጥቷት ሊሆን ይችላል። ግን ማስረጃው ወደ A ያደላል።

ፎቶ ቤት

እኔ ሒሳቡን አላውቅም፣ ስለ ፎቶው ግን አንድ ነገር ልበል። የኅትመት ስህተት ነው ከማለታችሁ በፊት ጥፋቱ የፎቶው አለመሆኑን እዩ። የመቀነስ ምልክት ቀጭን መስመር ናት፤ ነጥብም እንደዚያው ደቃቅ ናት። በቻት ስትልኩት አፑ ምስሉን ይጨምቀዋል፣ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ቴሌግራም ላይ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ እንዳለ ይደርሳል።

መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ መሃሉ ላይ የሚታጠፈው ጋ ቁጥር ይዋጣል። ወረቀቱን ዘርግታችሁ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ብርሃን ከጎን ይምጣ እንጂ ከስልኩ ፍላሽ አይሁን። ፍላሽ መሃሉን ያነጣዋል። ነጥብ ይሁን ቆሻሻ ያልለየላችሁ ነገር ካለ ከሌላ ሰው ቅጂ ላይ ያንኑ ቦታ አንሱና አስተያዩ። ሁለቱም ላይ ካለ የታተመ ነው።

ሊያ

ፎቶ ቤት፣ አመሰግናለሁ። የኔንም ወረቀት አውጥቼ አየሁት፤ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው። የታተመ ነው ማለት ነው።

ግን በእውነተኛ ፈተና ላይ ቢሆንስ? ሌላ ገጽ እያገላበጥኩ ማስረጃ የምፈልግበት ጊዜ የለኝም እኮ።

ቋሚ ተማሪ

እዚያማ ዝለይው። የተበላሸ ጥያቄ ከሆነ ለሁሉም ነጥብ ይሰጡበታል።

ጠመኔ

አንዳንድ ቦታ ለሁሉም ይሰጣል። አንዳንድ ቦታ ጥያቄው ይወጣና ውጤቱ ከቀሩት ይሰላል። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳያመለክት ቀርቶ እንዳለ ይታረማል። ባዶ የተወው ሰው በሦስተኛው ላይ ይከስራል። ስለዚህ ባዶ አትተዪ፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የሚቀነስበት ፈተና ካልሆነ በቀር።

በፈተናው ክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጊ። ጥያቄውን አንዴ ደግመሽ አንብቢ። «የማይሆነው የቱ ነው» የሚለውን «የሚሆነው» ብለው አንብበው ጥያቄው ተሳስቷል የሚሉ ብዙ ናቸው። አሁንም ካልገጠመ ቁጥሩ ላይ ምልክት አድርጊና እለፊ። ሌላውን ጨርሰሽ ስትመለሺ አብዛኛውን ገጽ አይተሽዋል፣ እነ 900ን ያኔ ታገኚያቸዋለሽ። ከዚያ እጅሽን አውጥተሽ ፈታኙን ጥሪ። «መልሱ ምንድን ነው» ወይም «ይህ ምን ማለት ነው» አትበዪ፣ ሊነግርሽ አይችልም። «የጥያቄ 15 ኅትመት ከሌላ ቅጂ ጋር ይመሳከርልኝ» በዪ። ያንን ማድረግ ይችላል። ጉዳዩንም እንዲመዘግብልሽ ጠይቂ።

ሠርተሽ የምታሳዪበት ፈተና ከሆነ ደግሞ ከመልስሽ በላይ አንድ መስመር ጻፊ። «300 ያለውን 30° ብዬ ወስጄዋለሁ» ብለሽ ቀጥዪ። አራሚው አካሄድሽን ያያል። አጭር ከሆነ ሁለቱንም ሥሪው፣ ግን የትኛው የመጨረሻ መልስሽ እንደሆነ ለይተሽ አሳውቂ። ሁለት መልስ ጥሎ ምረጡልኝ ማለት ብዙ አራሚ አይወድም።

አቤል ዘ

ቀልዱን ትቼ፣ እኔም አንድ አለኝ። ይሄ ግን ፓወርም ዲግሪም የለበትም።

```
90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን ረጅሙ ጎኑ 10 ነው።
ከ90 ዲግሪው ማዕዘን ወደ ረጅሙ ጎን የወረደው ከፍታ 6 ነው። ስፋቱ ስንት ነው?
A) 24    B) 30    C) 48    D) 60
```

10 ሲባዛ በ6፣ ሲካፈል ለ2፣ 30። B ብዬ አገኘሁ። ጓደኛዬ «እንዲህ ዓይነት ሦስት ማዕዘን የለም» ብሎ ድርቅ አለብኝ። ስፋቱን አግኝቼ እንዴት ነው የሌለው?

ጠመኔ

ጓደኛህ ልክ ነው። ረጅሙን ጎን ዳያሜትር አድርገህ ክብ ሥራ። የ90 ዲግሪው ጫፍ ሁልጊዜ ክቡ ላይ ነው የሚያርፈው። ክቡ ራዲየሱ 5 ነው። ስለዚህ ጫፉ ከረጅሙ ጎን ከ5 በላይ ሊርቅ አይችልም። 6 የሚባል ከፍታ የለም። አንተ ያሰላኸው በዓለም ላይ የሌለ ሦስት ማዕዘን ስፋት ነው። ቀመሩ ቁጥር ከሰጠኸው ይሠራል፣ ቅርጹ ይኑር አይኑር ግድ የለውም።

አቤል ዘ

እሺ፣ ታዲያ የቱን ላጥቁር? «የለም» የሚል ምርጫ አልሰጡኝም!

ጠመኔ

እዚህ ላይ እኔም አልቆርጥልህም። አውጪው ቅርጹን ሳያጣራ ቁጥር ጥሎ ከሆነ የሚጠብቀው 30 ነው። «ከፍታ» ያለው በስህተት ገብቶ 6 አጭሩ ጎን ለማለት ከሆነ ደግሞ ሌላው ጎን 8 ይሆንና ስፋቱ 24 ነው፣ እሱም A ላይ አለ። የመጀመሪያው ምንም ቃል አይቀይርም። ሁለተኛው ቃል ይቀይራል፣ ግን እውነተኛ ሦስት ማዕዘን ይሰጣል። እኔ ብሆን 30ን አጥቁሬ ለፈታኙ አስመዘግባለሁ።

ጸሐፊዋ

እኔ 24 ነኝ። 6፣ 8፣ 10 እኮ የታወቀ ነው። ማንም 10 እና 6ን እንዲሁ አያገናኝም።

ቋሚ ተማሪ

ጸሐፊዋ ትክክል ናት። መምህር፣ እርስዎ ራስዎ አንድ እርማት ይፈቀዳል ብለውኝ የለ?

ጠመኔ

ብያለሁ። ግን ያ በሊያ ወረቀት ላይ ጥፋቱን የሚመሰክር ሌላ ጥያቄ ስለነበረ ነው። አቤል ያመጣው ብቻውን የቆመ ጥያቄ ነው። ሙሉ ገጹ ቢኖረው ሌላ ነገር እል ይሆናል። የ6፣ 8፣ 10ን ነገር ግን አልክድም፣ ጠንካራ ነጥብ ነው።

ሊያ

ለመምህራችን ልጽፍላቸው ነው። እንዲህ ልበል?

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የመለማመጃ ፈተናው ጥያቄ 13፣ 14፣ 15 እና 17 ተሳስተዋል። መልስ የላቸውም። እባክዎ ያስተካክሉልን።»

ጠመኔ

«ተሳስተዋል» ከሚለው ይልቅ ምን እንደታተመና ምን ሊሆን እንደሚገባው ጻፊላቸው። አሁን በጻፍሽው አራቱን ጥያቄዎች እንደገና ሠርተው ጥፋቱን ራሳቸው መፈለግ አለባቸው። ደግሞ 13 እና 14 መልስ አላቸው፣ አግኝተናቸዋል። የወረቀቱን ኮድም ጨምሪ። የተለያየ ኮድ ካለ የጥያቄዎቹ ቁጥር ይለያያል፣ የሌላ ኮድ 14 ላይ ጤነኛ ጥያቄ ያገኙና ደብዳቤሽን ይተዉታል።

ሊያ

እሺ፣ እንዲህ አደረግኩት።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። በመለማመጃው ፈተና፣ ኮድ 02፣ ፓወሮችና የዲግሪ ምልክቶች ወርደው የታተሙ ይመስላል። ጥያቄ 13 ላይ 25 = 32 ይላል፣ 2^5 = 32 ለማለት ይመስለኛል። 14 ላይ 3x + 3x+1 ያለው 3^x + 3^(x+1) ከሆነ መልሱ B ነው። 17 ላይ 900 ያለው 90° ይመስለኛል። 15 ላይ ግን sin 300 ያለው 30° ይሁን 300° እርግጠኛ አይደለሁም፤ እባክዎ ከኦሪጅናሉ ይዩልን። የገጹን ፎቶ አያይዣለሁ።»

ጸሐፊዋ

በጣም አሪፍ። ፎቶውን እንደ ፋይል አያይዢው እንዳትረሺ።

ሊያ

መምህሩ አሁን መለሱልኝ። ፓወሮቹ ከአሮጌ ፋይል ኮፒ ሲደረጉ ነው የወረዱት አሉ፤ 13፣ 14 እና 17 እንዳልነው ናቸው። 15ን ግን ያወጡት ሌላ መምህር ስለሆኑ ጠይቄ እነግራችኋለሁ ብለዋል።

ቋሚ ተማሪ

D ከሆነ እዚህ መጥተሽ ንገሪን!

አቤል ዘ

የኔን ሦስት ማዕዘንም ጠይቂልኝ በናትሽ።